ደንበኛዋ «መቼ ታደርሱልኛላችሁ?» ስትል

አንዲት ሴት ማቀዝቀዣ ልትገዛ ሱቅ ገባች እንበል። «ስንት ነው?» ማለቷ ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ ዋጋ ሁሉም ይጠይቃል። ትንሽ ቆይታ ግን «ዋስትናው የስንት ዓመት ነው? መቼ ታደርሱልኛላችሁ?» ካለች፣ በሩን ደጋግማ ከከፈተች፣ ቤት ደውላም የወጥ ቤቱን ቦታ ካስለካች፣ ለመግዛት ተቃርባለች። አንዱ ምልክት ብቻውን ላያስተማምን ይችላል፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ጊዜው ደርሷል።

አዲስ ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ ሞዴል ማሳየቱን ይቀጥላል። አዲስ ምርጫ ደግሞ ሊቆረጥ የነበረውን ሐሳብ መልሶ ያናውጣል። የሚሻለው የጠየቀችውን በትክክል መልሶ፣ «ይሄኛው ከተስማማዎት ደረሰኝ ልጻፍልዎ?» ማለትና መጠበቅ ነው። ዝምታው ይከብዳል፤ ቢሆንም የእሷ ማሰቢያ ጊዜ ስለሆነ በቅናሽ ወሬ አይሙሉት።

«ላስብበት» ካለች፣ «ያልተመቸዎት ዋጋው ነው ወይስ ስፋቱ?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስፋቱ ከሆነ አነስ ያለውን ያሳዩዋት። ባለቤቷን ማማከር ከፈለገች ግን ዋጋውንና ልኩን ጽፈው ይስጧትና በደህና ይሸኟት። የማይጨምረውን ዋጋ «ነገ ይጨምራል» ብለው በፍጹም አያስፈራሯት።