ነቀዝ የሚገባው በማን በኩል ነው?

«ነቀዝ የሚያመጣው ጎተራው ነው» ይባላል። ጎተራ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ካለፈው ዓመት በስንጥቁ ውስጥ የተረፈ ነቀዝ አዲሱን እህል ጠብቆ ይሰፍርበታል። ብዙ ጊዜ ግን ነቀዙን ከማሳ ተሸክሞ የሚያስገባው ገበሬው ራሱ ነው። በቆሎው ደርሶ እንዲደርቅ ማሳ ላይ በቆመበት ሰዓት ነቀዙ እየበረረ ይመጣል፤ ሽፋኑ ጫፉ ድረስ ያልዘለቀ በቆሎ ይመቸዋል። ሴቷ ፍሬውን ቦርቡራ እንቁላሏን ትጥልና ቀዳዳውን ከራሷ በሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር ትደፍነዋለች። ከዚያ በኋላ በዓይን የሚታይ ምልክት የለም ማለት ይቻላል። ትሉ ፍሬው ውስጥ ሆኖ እየበላ ያድጋል፤ በሞቃት ቦታ ከአምስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነቀዝ ሆኖ በስቶ ይወጣል። በጥር «ንጹሕ ነው» ተብሎ የገባ በቆሎ በመጋቢት ዱቄት የሚያራግፈው ለዚህ ነው። ጤፍም ቢሆን ለዓመታት የሚቆየው ጎተራው ስለተለየ ሳይሆን ፍሬው ለአንድ ትል ቤትም ቀለብም ስለማይበቃ ነው።

«ክኒን ጣል ማድረግ ይበቃል» የሚለው ደግሞ አደገኛው እምነት ነው። ክኒኑ በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲያገኘው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ፍሬው ውስጥ ዘልቆ ትሉን የሚገድለው ለቀናት ታፍኖ ከቆየ ብቻ ነው። ከተራ ጆንያ ይሾልካል፤ ነቀዙ ይተርፋል፣ እዚያው ቤት የተኛ ሰው ግን ሊሞት ይችላል። አየር በማይገባበት ቦታ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ካልሆነ ክኒን ከመኖሪያ ቤት መራቅ አለበት።

አየር የማያስገባው ከረጢት፣ ብዙዎች «ፒክስ» የሚሉት፣ መድኃኒት የተነከረ የሚመስላቸው አሉ። ምንም መድኃኒት የለበትም። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ ተራ ጆንያ ነው። ከረጢቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አየሩ ተጨምቆ፣ እያንዳንዱ ላስቲክ ለየብቻው ተጠምዝዞና ታጥፎ ሲታሰር ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ነቀዞቹ ራሳቸው ተንፍሰው ይጨርሱታል። የሚገርመው ታፍነው ብቻ አለመሞታቸው ነው። ነቀዝ ደረቅ እህል እየበላ የሚኖረው ውሃውን በሰውነቱ ውስጥ፣ በኦክስጅን አማካይነት ከምግቡ ስለሚሠራ ነው፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ መብላት ያቆማል፣ በጥም ይደርቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከረጢቱ ተዘግቶ ከቆየ ነው። በየሁለት ቀኑ ለሽሮ ለቂጣ እየተከፈተ የሚቀዳለት ከረጢት አዲስ አየር እየተመገበ ስለሆነ ከጆንያ ብዙም አይሻልም። ለዕለት ፍጆታ ሌላ ዕቃ መለየት ግድ ነው።

ሌላው ወሳኝ ነገር ድርቀቱ ነው። «በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል» የሚሉ አሉ፤ ጥርስ ግን 13 ከመቶና 16 ከመቶ እርጥበትን ለይቶ አይናገርም፤ ልዩነቱ ደግሞ ሻጋታ የሚነሳበት ልዩነት ነው። የሚሻለው ጨው ነው። በደረቀና ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ሲሶ ያህል በቆሎ ይደረጋል፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨመርበታል፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ተንጦ ለሩብ ሰዓት ይቀመጣል። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው። ካልተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 ከመቶ በታች ወርዷል፤ ለከረጢት የሚፈለገው 13 ስለሆነ አንድ ሁለት ቀን ጨምሮ ማስጣት አይጎዳም። ከፀሐይ ሲነሳም ቀዝቅዞ ይከተት፤ በትኩሱ ከታሰረ ሌሊት ላስቲኩ ወዝ ያወጣል። አንዴ ሻጋታ የተከለውን መርዝ መፍጨትም መጋገርም አያጠፋውም።

ፍራፍሬ ላይ ሲደርሱ የሁሉም መልስ «ፍሪጅ» ይሆናል። ሙዝ ይህን ያፈርሳል። የአርባ ምንጭ ሙዝ አረንጓዴ ሳለ ተቆርጦ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በጭነት መኪና ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ከግንዱ ተለይቶም ይተነፍሳል፣ ሙቀትም ያወጣል፤ ተነባብሮ ሲጫን የመሃሉ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይበልጥ ይተነፍሳል። አንዱ ከበሰለ የሚያወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ጎረቤቱን ያበስለዋል። ስለዚህ ማቀዝቀዝ ትክክል ነው፣ ነገር ግን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ መቆም አለበት። ከዚያ ወርዶ ከቆየ ልጣጩ ይጠቁራል፣ በኋላ ሙቀት ቢያገኝም በወጉ አይበስልም። ጎመንን ዜሮ አጠገብ የሚያቆይ መጋዘን ለሙዝ ማበላሻ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ አንዱን መክሰር ነው።

ጉዞው ላይ የደረሰውን ጉዳትም ቅዝቃዜ አይመልሰውም። ዘለላው ሲወረወር የተቀጠቀጠው ቦታ ዕለቱን ብዙም አይታይም፤ የበሰለ ቀን ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ቸርቻሪውም የማበሰያ ቤቱን ይወቅሳል። ቤት ውስጥ ያለው ሕግ ቀላል ነው፦ አረንጓዴ ሙዝ ፍሪጅ አይገባም። በደንብ የበሰለው ግን ሊገባ ይችላል፤ ልጣጩ ቢጠቁርም ውስጡ ለጥቂት ቀናት ይበላል።