ራውተሩ የሚንቀራፈፈው ለምንድን ነው?

በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር እንደ ማንኛውም ሞባይል በአካባቢው ካለ የኔትወርክ ማማ ጋር በሬዲዮ ሞገድ ይገናኛል፤ ያገኘውንም ኢንተርኔት በዋይፋይ ለቤቱ ያከፋፍላል። ሲንቀራፈፍ ብዙ ጊዜ ሲግናሉ ደክሟል፣ ማማው ተጨናንቋል፣ ወይም ኮታው አልቆ ፍጥነቱ ተቀንሷል። ቪዲዮ እየተቆራረጠ ለሚያይ ሰው ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

የሲግናሉን ጥንካሬ ለማወቅ በራውተሩ ላይ የሚበሩትን መስመሮች ማመን አያዋጣም። ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው በራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ RSRP በሚለው ሥር ነው። የገጹ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.8.1፣ አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያው ጀርባ ወይም ሆድ ላይ ተለጥፏል። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ -85 ጥሩ፣ -115 ደግሞ ደካማ ነው፤ በ10 በወረደ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ያንሳል። ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳና ቆርቆሮ ሞገዱን ክፉኛ ያዳክሙታል። ከቴሌቪዥን ኋላ የተሸጎጠ ራውተርማ ገና ከመነሻው ተበድሏል።

መጨናነቅ ሌላ ነገር ነው። አንድ ማማ ያለውን አቅም በዚያ ሰዓት ለሚጠቀሙት ሁሉ ስለሚያካፍል፣ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖም ድርሻው ሊያንስ ይችላል። ምልክቱ ሰዓት መምረጡ ነው፤ ሌሊት ይፈጥናል፣ ሰው ቤቱ በሚገባበት ምሽት ይወድቃል። ሲግናሉ የደከመ ተጠቃሚ ያንኑ ፋይል ለማውረድ ረዘም ያለ የማማ ጊዜ ስለሚወስድ፣ የአንዱ ድክመት ለጎረቤትም ይተርፋል።

ኮታ ሲያልቅ የሚመጣው ቅነሳ ግን ሰዓት አይለይም። ፍጥነቱ በአንድ ቁጥር ላይ ተተክሎ ይቀራል። በሰከንድ 512 ኪሎቢት ላይ ከተገደበ፣ 1 ጊጋባይት ፋይል ለማውረድ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ሦስቱን ለመለየት ፍጥነቱን ከራውተሩ አጠገብ ሆኖ፣ ሌሎች ስልኮችን ከዋይፋዩ አውጥቶ፣ ንጋት 11 ሰዓትና ምሽት 2 ሰዓት ላይ መለካት ይበቃል። ለምሳሌ ሳሎን ጥግ ያለ ራውተር RSRP -113 አሳይቶ ንጋትም ምሽትም 3 ሜጋቢት ገደማ ይሰጣል እንበል። ወደ መስኮት ሲዛወር -97 ደርሶ ንጋት ላይ 24 ሜጋቢት ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ችግር ሲግናል ነበር ማለት ነው። ምሽት ላይ ቁጥሩ ያው -97 ሆኖ ፍጥነቱ ወደ 5 ከወረደ፣ የቀረው ጥፋት የማማው ነው፤ መስኮት መቀየር ብዙም አይጠቅመውም፣ ከባድ ፋይሎችን ለሌሊት ማሳደር ይሻላል። ወሩ ሲገባደድ ደግሞ በዚያው -97 ንጋትም ምሽትም 1 ሜጋቢት ብቻ ከሆነ፣ ራውተሩን ከመነካካት በፊት ቀሪ ሂሳቡንና የፓኬጁን ደንብ ማየት ይቀድማል። «ያልተገደበ» ተብለው የሚሸጡ ፓኬጆችም ፍጥነት የሚቀንስ ጣሪያ ሊኖራቸው ይችላል።