የአንበሳው ጺም ወደ መድረክ ሲወጣ

የአንበሳው ጺም ተረት በአጭሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት እናቱ የሞተችበት ልጅ ያለውን ሰው ታገባለች፤ ልጁ ግን አልቀርባት ይላል። መድኃኒት ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ስትሄድ የአንበሳ ጺም እንድታመጣ ያዟታል። እሷም ለአንበሳው በየቀኑ ሥጋ እየወሰደች፣ ቀስ በቀስ እየተጠጋች ታላምደውና ጺሙን ቆርጣ ትመለሳለች። ሽማግሌው ጺሙን እሳት ውስጥ ጥለው፣ ልጁንም እንደዚሁ እንድታላምደው ይመክሯታል።

ይህን ተረት ለትምህርት ቤት የድራማ ውድድር የሚያዘጋጁ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳቡት በአንበሳው ነው። ግጭቱ ያለው ግን ቤት ውስጥ፣ በሴትየዋና በልጁ መካከል ነው። ተረቱ ልጁን «አልወደዳትም» ብሎ ያልፈዋል፤ ተውኔት ግን አለመውደዱን በድርጊት ማሳየት አለበት። የሰጠችውን እንጀራ ሳይነካ ገበታውን ገፍቶ ቢነሳ፣ የእናቱን ነጠላ ደብቆ ቢይዝ፣ ተመልካቹ ያለ ማብራሪያ ይረዳል።

ሁለተኛው ችግር ድግግሞሹ ነው። ጆሮ የሚወደው «በማግስቱም ሄደች» መድረክ ላይ ያሰለቻል። ስለዚህ የጫካውን ጉዞ ወደ ሦስት መቀነስና በመካከሉ የቤት ትዕይንት ማስገባት ይበጃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሴትየዋ ቤት ውስጥም ትዕግሥተኛ ከሆነች የሽማግሌው ምክር ትርጉም ያጣል። በጫካ ርቃ ቁጭ ብላ የምትጠብቀው ሴት፣ ቤት ስትገባ ልጁን በግድ ልታቅፈው፣ ነጠላውን ልትቀማው ይገባል። ያኔ ተመልካቹ ስህተቷን ከእሷ ቀድሞ ያያል፤ የተውኔቱ ጉልበትም እዚህ ላይ ነው።

ይህ ከተሠራ ሽማግሌው ረጅም ስብከት አያስፈልጋቸውም። ጺሙን እሳት ውስጥ ከጣሉ በኋላ «ልጄ፣ አንበሳውን እንዴት ቀረብሽው?» ብለው ቢጠይቋት ይበቃል። መልሷን ስትጀምር ራሷ ትሰማዋለች። በመጨረሻው ትዕይንት ምግቡን አስቀምጣ ራቅ ብላ ትቀመጣለች፤ ልጁ ትንሽ ይጠጋል። ተቃቅፈው እንዲያለቅሱ ማድረግ ግን ተረቱ ቀናት የፈጀበትን ነገር በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

አንበሳውን በካርቶን ጭንብል መሥራት አደገኛ ነው፤ ተመልካቹ ከሳቀ ፍርሃቱ ይጠፋል። ድምፁ በከበሮ ከመጋረጃ ጀርባ ቢመጣና ሴትየዋ ብቻ ብትታይ ይሻላል፤ አንበሳውን የሚፈጥረው የእሷ ገላ ነው። ጺሙ ከሩቅ ስለማይታይም ወፈር ያለ ነጭ የቃጫ ክር መጠቀም ይቻላል።

ተራኪ ማስገባት ቀላል መውጫ ቢመስልም፣ ብዙ ጊዜ ተዋንያኑን ሥራ ያስፈታል። ይህን ለማወቅ አንድ ልምምድ ያለ ተራኪና ያለ ንግግር መሥራት ነው፤ ተረቱን የማያውቅ ተማሪ ተመልክቶ ታሪኩን መናገር ካቃተው፣ የጎደለው ድርጊት ነው። ሰዓቱም መለካት ያለበት በንባብ ሳይሆን በመድረክ ልምምድ ነው፤ ዝምታውና እንቅስቃሴው ጊዜ ይወስዳሉ። ለውድድሩ 15 ደቂቃ ከተሰጠ፣ ልምምዱ 13 ደቂቃ ላይ ቢያልቅ ለጭብጨባና ለዕቃ መቀያየር ቦታ ይተርፋል።