መስመሩ ከየት ይጀምር? ከፍ ላለ ግንባር ፀጉር መክፈልና መቁረጥ

የእህቴ ልጅ ምረቃዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የአንዲት ኮሪያዊት ተዋናይ ፎቶ በስልኳ ይዛ ፀጉር ቤት ገባች። ተዋናይቷ ቅንድቧ ድረስ ወርዶ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የግንባር ፀጉር አላት። ወጣቶቹ «ባንግስ» የሚሉት ነው። «ልክ እንደዚህ ቁረጪልኝ፤ ይሄ ሜዳ ግንባሬ ይሸፈን» አለች። ፀጉር ሠሪዋ ፎቶውን አየት አድርጋ ወደ ልጅቷ ዞረች። «የኔ እናት፣ የሷ ፀጉር እንደ ውሃ የሚወርድ ነው። ያንቺ ውሃ ሲነካው የት ይደርሳል?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ አጃቢ ሆኜ ጥግ ተቀምጬ ነበር። መልሱ እስኪገኝ ሁለት ሰዓት ግድም ፈጅቷል፤ ግን ብዙ ነገር ተማርኩበት።

መጀመሪያ ያወጣችው መቀስ ሳይሆን የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ከፀጉር መብቀያው እስከ ቅንድቦቿ መሐል ለካች፤ 7.5 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ እስከ አፍንጫዋ ሥር 6፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጯ ጫፍ 6.5 ሆነ። ፊትን እንዲህ ሦስት ቦታ ከፍሎ ማየት የጥንት ሠዓሊዎች ልማድ ነው። እነሱ ሦስቱ እኩል ሲሆኑ ደስ ይላቸው ነበር፤ በእውነተኛ ሰው ፊት ላይ ግን እኩል ሆነው የሚገኙት እምብዛም ነው። ብዙ ሰው «አራት ጣት ካለፈ ግንባሩ ሰፊ ነው» ይላል። የሰው ጣት ግን ቀጭንም ወፍራምም ስለሆነ መለኪያነቱ አያስተማምንም። ጥያቄው ግንባሩ ከሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ምን ያህል ይበልጣል የሚለው ነው። ሦስቱም ሰባት ሰባት ቢሆኑ ኖሮ ፊቷ ረጅም ነው እንጂ ግንባሯ ብቻውን ከፍ ያለ አይባልም ነበር። የእህቴ ልጅ ግን የላይኛው ብቻ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተርፏታል። ሥራው እንግዲህ ያችን ትርፍ ከዓይን ማራቅ እንጂ ግንባርን ሙሉ በሙሉ መደበቅ አይደለም።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የዘመን ጉዳይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ባላባት ሴቶች ግንባራቸው ከፍ ብሎ እንዲታይ ከፊት ያለውን ፀጉራቸውን ይነቅሉ ነበር። በእኛም አገር የአጼ ዮሐንስ 4ኛ ሥዕል ላይ ሹሩባቸው ወደ ኋላ ተሠርቶ ግንባራቸው ተገልጦ ነው የሚታየው፤ ማንም ይሸፈን ያለ የለም። ልጅቷ ግን ይሸፈንልኝ ብላለች፤ ፀጉሩም የሷ ነው።

መሐል ለመሐል የተከፈለ ፀጉር ከፍ ላለ ግንባር የማይመችበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጥቁር ፀጉር ሲከፈል የሚታየው የራስ ቆዳ ከግንባሩ ጋር ይገጥማል። ዓይን ደግሞ ግንባሩ እዚህ አበቃ ብሎ አይቆምም፤ በዚያች ቀጭን መንገድ ሽቅብ ይቀጥላል። ሁለተኛው፣ በግራና በቀኝ የሚወርደው ፀጉር እንደ ድንኳን በር ተከፍቶ የግንባሩን ከፍተኛ ቦታ፣ መሐሉን፣ ያጋልጣል። መስመሩ ወደ ጎን ሲሄድ ግን ብዙው ፀጉር አንዱን የግንባር ጥግ ሰያፍ ሆኖ ይሻገራል። ያኔ ዓይን የሚከተለው ቁመቱን ሳይሆን ሰያፉን ነው።

ምን ያህል ወደ ጎን? ፀጉር ሠሪዋ ጭራ ያለውን ማበጠሪያ ከቅንድቧ ቅስት ጫፍ ቀጥ አድርጋ አቆመችና መስመሩን ከዚያ አስጀመረች። ከዚህ አልፎ ወደ ቅንድቡ መጨረሻ መሄድ ጉዳት አለው። እዚያ ጋ የብዙዎቻችን የፀጉር መብቀያ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ፀጉሩም ይሳሳል። መስመሩ እዚያ ከተጀመረ የተገፋ ጥግ ተገልጦ ይታያልና ሊሸፈን የታሰበው ባሰበት ማለት ነው። መስመሩንም ቀጥታ ወደ ኋላ አልወሰደችውም፤ ወደ መሐል አናት አዘንብላ፣ አጭር አድርጋ አቆመችው። ያዘነበለ መስመር የራስ ቆዳን ያን ያህል አያሳይም።

ግራ ወይስ ቀኝ የሚለውን የወሰነው የፊቷ ቅርጽ ሳይሆን የፀጉሩ ሥር ነው። ፀጉሯ ርጥብ እያለ ወደ ኋላ አበጠረችው፤ ከዚያ መዳፏን አናቷ ላይ አድርጋ በቀስታ ወደ ፊት ገፋችው። ፀጉሩ ራሱ በግራ በኩል ተከፈለ። እያንዳንዱ ሰው አናቱ ላይ የፀጉር አዙሪት አለው፤ አንዳንዱም ግንባሩ አጠገብ ሌላ ትንሽ አዙሪት አለው። የእህቴ ልጅ ይህቺን ትንሿን አዙሪት በቀኝ በኩል ይዛታለች። መስመሩ በቀኝ ቢወጣ ኖሮ ሥሩ ፀጉሩን ወደ ላይ ስለሚገፋው በፔስትራ ቢተኛም እኩለ ቀን ላይ ተነሥቶ ይሰነጠቅ ነበር። ከሥሩ ጋር የሚጣላ መስመር ፀጉርን ከፍ ያደርጋል፤ ለሳሳ ፀጉር ይጠቅም ይሆናል። ግንባሩ ከፍ ላለ ሰው ግን ከላይ የተነፋ ፀጉር ፊቱን የበለጠ ያስረዝመዋል። በእኔ ግምት በሠርግና በምረቃ ሰሞን የሚታየው ትልቁ ስሕተት ይሄ ነው። ከፊት ያለውን ፀጉር በቢጎዲን አሳብጠው ካስክ ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ «ግንባሬ ለምን ጎልቶ ወጣ?» ይላሉ። ሙላቱ የሚያስፈልገው ከጆሮ በላይ፣ በጎንና በጎን ነው።

አሁን ወደ ርዝመቱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነውና። የግንባር ፀጉር የሚቆረጠው ግንባር ጫፍ ላይ ከበቀለው ፀጉር ብቻ አይደለም። ማበጠሪያ አናት ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ብታስቀምጡ ራስ ወደ ግንባር መታጠፍ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ከራሳችሁ ይርቃል። ከዚያ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ሁለቱ ቅንድብ ጫፎች የሚወርድ ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ የሚቆረጠው በዚያ ውስጥ ያለው ፀጉር ነው። ነጥቡ ወደ ኋላ በሸሸ ቁጥር ፀጉሩ ይወፍራል። ለእህቴ ልጅ ነጥቡ ከፀጉር መብቀያዋ 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነበር። ስለዚህ ከዚያ የሚነሣ አንድ ዘለላ ቅንድቧ ላይ ለመድረስ 4 ሲደመር 7.5፣ ማለትም 11.5 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል። ፀጉሩ የራስን ጉብታ ተከትሎ ስለሚወርድ 12 እንበለው።

ኮሪያዊቷ እዚህ ላይ ሒሳቧ አለቀ። የእህቴ ልጅ ፀጉር ግን ጥቅልል ነው። ፀጉር ሠሪዋ ከግንባሯ አንድ ዘለላ ይዛ ወጥራ ለካችው፤ ከዚያ ለቀቀችው። ከሦስት እጅ አንዱ ወደ ላይ ሸሸ። እንግዲህ ተወጥሮ 12 ሴንቲ ሜትር የተቆረጠ ፀጉር ወደ ጥቅልልነቱ ሲመለስ 8 ይሆናል። ከስምንቱ አራቱ የራስ ቆዳ ላይ ያልቃል፤ ግንባር ላይ የሚወርደው የቀረው 4 ብቻ ነው። የግንባሯ ግማሽ ማለት ነው። ግማሽ ላይ የሚቆም ፀጉር ደግሞ ከፍ ላለ ግንባር ከሁሉ የከፋው ርዝመት ነው፤ አይሸፍንም፣ ሸፍኛለሁ ብሎ ግን ዓይን ይጠራል።

«ሁሌም በፔስትራ እተኩሰዋለሁ» አለች ልጅቷ። ፀጉር ሠሪዋ ሳቀች። በሙቀት የተዘረጋ ፀጉር ውሃ እስኪያገኘው ብቻ ነው እንደተዘረጋ የሚቆየው። ክረምት ላይ ዝናብ፣ በበጋ የግንባር ላብ ይመልሰዋል፤ ግንባር ላይ የተኛ ፀጉር ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ላብ ያገኘዋል። በየቀኑ መተኮስ ፀጉሩን እንደሚያደርቀውና እንደሚሰብረው የማያውቅ የለም።

መፍትሔው ርዝመቱን ከጥቅልሉ መጀመር ሆነ። ሲጠቀለል 12 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ሲወጠር 18 መሆን አለበት። ፀጉሩ ባልተተኮሰ ቀን ጥቅልሉ ቅንድቧ ላይ ያርፋል። በተተኮሰ ቀን ከቅንድቧ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ቀጥ ብሎ ከወረደ ፊቷን ይሸፍናል፤ ከግራው መስመር ተነሥቶ ሰያፍ ወደ ቀኝ ሲበጠር ግን ጉንጭ አጥንቷ ላይ ያበቃል። አንድ ርዝመት ለሁለቱም ቀን ሠራ ማለት ነው። ፎቶው ላይ እንዳለው ቀጥ ያለ ጠርዝ ለጥቅልል ፀጉር አይሆንም። ዘለላዎቹ እኩል ስለማይጠቀለሉ ጠርዙ ይጎረባብጣል፤ ስለዚህ ከመሐል አጠር፣ ወደ ጎን ረዘም እያለ በሰያፍ ተቆረጠ።

አቆራረጡም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ነበረው። ፀጉሩ ደርቆ፣ ሳይወጠር፣ በተፈጥሮው ተጠቅልሎ እያለ ነው የተቆረጠው። ርጥብ ፀጉር ስለሚረዝም ቅንድብ ላይ ተለክቶ የተቆረጠው ሲደርቅ ሽቅብ ይወጣል። ከመቁረጧም በፊት ከኋላ ያለውን ፀጉር ወደ ፊት አምጥታ ግንባሯ ላይ በፒን አስያዘችውና «ውጪ ወጥተሽ በፀሐይ ብርሃን ተያዪ» አለቻት። የፀጉር ቤት መስታወትና መብራት ያሞኛል።

ከመሄዳችን በፊት ያነሣችው አንድ ነገር እኔን ይበልጥ ነካኝ። ከሷ ዘንድ ግንባሬ ሰፋ ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹ ከፍ ያለ ግንባር ይዘው የተወለዱ አይደሉም። የፀጉር መብቀያቸው ሸሽቶ ነው። ለዓመታት ጥብቅ ሹሩባና ቅጥያ የጎተተው ፀጉር መጀመሪያ ከጆሮ በላይና ከግንባር ጥግ ላይ ይሳሳል። መለያው ይኸውላችሁ፦ የሳሳው ቦታ ፊት ለፊት፣ በድሮው መብቀያ ላይ፣ አጫጭርና ለስላሳ ፀጉሮች ቀርተው ይታያሉ። ሹሩባ ሲሠሩ የሚያም ከሆነ ወይም ሥሩ ላይ ትንንሽ እብጠት ከወጣ መጎተቱ ገና ቀጥሏል ማለት ነው። ቶሎ ከተተወ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል፤ ለዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይሞታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከባድ የግንባር ፀጉር ከመቁረጥ በፊት ሹሩባውን ማላላት ይቀድማል። መስመሩንም በየጥቂት ሳምንቱ ማዛወር ያስፈልጋል፤ አንድ ቦታ ብቻ የሚከፈል ፀጉር እዚያው ላይ ይጎተታልና። መብቀያው ሲሸሽ ቅንድብም አብሮ ከሳሳ ጉዳዩ የፀጉር ቤት ሳይሆን የቆዳ ሐኪም ነው።

የዚያን ቀን የተቆረጠው 18 ሳይሆን 19 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። «ሳምንት ታጥበሽ፣ ተኝተሽበት፣ ዝናብ መትቶሽ ተመለሺ» አለቻት። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ በስሕተት ያጠረ የግንባር ፀጉር ወራት ያስጠብቃል፤ የረዘመውን ማሳጠር ግን የደቂቃ ሥራ ነው። ልጅቷ ምረቃዋ አምስት ቀን ሲቀረው ተመልሳ ሄደች። የተቆረጠላት አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ገንዘብም አልተቀበለቻትም።