ሠራተኛ ወይስ ተቋራጭ?

ብዙ አሠሪዎች በውሉ ራስጌ ላይ «የአገልግሎት ውል» ብለው በጻፉ ጊዜ ጉዳዩ የተፈጸመ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመረምረው የውሉን ስም ሳይሆን፣ ሰውየው በአሠሪ መሪነት ሥር ሆኖ በደመወዝ የሚሠራ፣ ወይስ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራ መሆኑን ነው።

በድርጅቱ መኪና፣ ድርጅቱ በወሰነው ሰዓት፣ አለቃው ወደ ላከው ቦታ የሚነዳ፣ ሲቀር የሚቀጣ፣ በእርሱም ፈንታ ሌላ ሰው መላክ የማይፈቀድለት፣ በየወሩ 10,000 ብር የሚቀበል አንድ ሾፌር እናስብ። ይህ ሰው «ተቋራጭ ነኝ» ብሎ ቢፈርም እንኳ፣ በእኔ አስተያየት ሠራተኛ ነው፤ የራሱን መኪና ይዞ፣ ከብዙ ደንበኞች ጋር በራሱ ተመን እየተዋዋለ፣ ትርፉንም ኪሳራውንም ራሱ የሚሸከም ቢሆን ኖሮ ግን ፍርዱ በተለወጠ ነበር።

ስያሜው በተሳሳተ ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው ሾፌሩ ነው፤ የዓመት ፈቃዱ፣ በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት የሚገባው ካሣ፣ ያለ በቂ ምክንያት ከመሰናበት የሚጠብቀው ከለላ፣ ይልቁንም የእርጅናው ስንቅ የሆነው ጡረታ ይቀርበታል። አሠሪውም አይድንም። ለጡረታው ከደመወዙ 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ስለሚከፈል፣ በወር 1,800፣ በ3 ዓመት 64,800 ብር ሳይገባ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሙግት በተነሣም ጊዜ ይህ ውዝፍ ከነመቀጫው፣ ተቀንሶ መግባት ከነበረበት የደመወዝ ግብር ጋር አሠሪውን ያስጠይቀዋል።

በሙግቱ የሚረዳው ማስረጃ የሰዓት ፊርማ፣ የትእዛዝ ደብዳቤና የክፍያ ሰነድ ነውና፣ ሾፌሩ የእነዚህን ቅጂ ያስቀምጥ።