ከአንድ ጎን ብቻ፦ የቴሌስኮፕ መስታወት ስፋት እንዴት ይሰላል?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2021 አሪያን 5 የተባለው ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና ሲተኮስ አናቱ ላይ ታጥፎ የተቀመጠ መስታወት ይዞ ነበር። የጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ዋና መስታወት ነው። ሲዘረጋ ከዳር እስከ ዳር 6.5 ሜትር ያህል ስለሚሆን እንዳለ ሮኬቱ ውስጥ ሊገባ አልቻለም። መሐንዲሶቹ በ18 ቁርጥራጮች ከፋፍለው ሠሩት፤ በግራና በቀኝ ያሉትን ሦስት ሦስት ቁርጥራጮች ወደ ኋላ አጠፏቸው። ጠፈር ከደረሰ በኋላ እነዚያ ክንፎች ተዘርግተው መስታወቱ ሙሉ ሆነ።

እያንዳንዱ ቁርጥራጭ የተሠራው ቤሪሊየም ከተባለ ቀላልና ጠንካራ ብረት ሲሆን ፊቱ በስስ ወርቅ ተለብጧል። ቅርጹም ስድስት እኩል ጎኖችና ስድስት እኩል ማዕዘኖች ያሉት ጎነ ስድስት ነው። ክብ ቢሆኑ ኖሮ ጎን ለጎን ሲደረደሩ በመካከላቸው ክፍተት ይቀር ነበር፤ ጎነ ስድስቶች ግን ተጠጋግተው ይገጥማሉ፣ ክብ የሚመስል ሰፊ ገጽም ይፈጥራሉ። ስድስቱ በውስጠኛው ዙር፣ አሥራ ሁለቱ በውጭኛው ዙር ተደርድረዋል። መካከሉ ባዶ ነው።

ለቴሌስኮፕ ትልቁ ቁም ነገር ብርሃን የሚሰበስበው ገጽ ስንት ካሬ ሜትር ነው የሚለው ነው። ስለ ዌብ መስታወት በሚወጡ ጽሑፎች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው አንድ ርዝመት ብቻ ነው፤ የአንዱ ቁርጥራጭ ስፋት 1.32 ሜትር ይላል። ከዚህች ቁጥር ተነስቶ የመስታወቱን ሙሉ ስፋት ማግኘት ይቻላል። መንገዱ ጎነ ስድስቱን ወደ ስድስት ጎነ ሦስቶች መክፈል ነው።

መጀመሪያ የጎነ ስድስቱ መካከል ላይ ነጥብ ይደረጋል። ከዚያች ነጥብ ወደ ስድስቱም ጫፎች ቀጥ ያሉ መስመሮች ሲሳቡ ቅርጹ እንደተቆረሰ ድፎ ዳቦ ስድስት ቦታ ይከፈላል። ስድስቱም ቁራሾች ፍጹም እኩል ናቸው። በመካከለኛው ነጥብ ዙሪያ ያለው ሙሉ ማዕዘን 360 ዲግሪ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቁራሽ 60 ዲግሪ ይደርሰዋል።

ከመካከል ወደ ጫፎቹ የተሳቡት መስመሮች ሁሉ እኩል ርዝመት አላቸው። ስለዚህ በአንዱ ቁራሽ ውስጥ ሁለት ጎኖች እኩል ናቸው፤ በእነርሱ ትይዩ ያሉት ማዕዘኖችም እኩል መሆን አለባቸው። የማንኛውም ጎነ ሦስት ማዕዘኖች ድምር 180 ዲግሪ ነው፤ 60ው ሲቀነስ 120 ይቀራል፤ ለሁለት ሲካፈል ደግሞ 60 እና 60 ይሆናል። ሦስቱም ማዕዘኖች 60 ዲግሪ ከሆኑ ሦስቱም ጎኖች እኩል ናቸው ማለት ነው። ከመካከል እስከ ጫፍ ያለው ርቀት ከጎነ ስድስቱ ጎን ጋር ልክ እኩል የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በአምስት ወይም በስምንት ጎን ቅርጽ ላይ ይህ አይሠራም።

አሁን የሚቀረው የአንዱን ጎነ ሦስት ስፋት ማወቅ ነው። የጎነ ሦስት ስፋት የመሠረቱና የከፍታው ብዜት ግማሽ ነው። መሠረቱ ይታወቃል፤ ከፍታው ግን መፈለግ አለበት። ጎኑ 1 ሜትር ነው እንበል። ከአናቱ ወደ መሠረቱ ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመር መሠረቱን እኩል ለሁለት ስለሚከፍለው እያንዳንዱ ክፋይ 0.5 ሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ የፓይታጎረስ ደንብ ይገባል፦ የ1 ካሬ 1 ነው፣ የ0.5 ካሬ 0.25 ነው፣ ልዩነታቸው 0.75 ነው። የ0.75 ስኩዌር ሩት 0.866 ያህል ስለሆነ ከፍታው 0.866 ሜትር ነው። የአንዱ ጎነ ሦስት ስፋትም የ1 እና የ0.866 ብዜት ግማሽ፣ ማለትም 0.433 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስድስቱ ሲደመሩ 2.598 ካሬ ሜትር ይሰጣሉ።

ጎኑ ከ1 ሜትር የተለየ ሲሆን መሠረቱም ከፍታውም በዚያው መጠን ያድጋሉ ወይም ያንሳሉ። ስለዚህ ደንቡ ለማንኛውም መጠን እንዲህ ይጻፋል፦

ስፋት = 2.598 × ጎን × ጎን

በስኩዌር ሩት ሲጻፍ 2.598 የሚለው ቁጥር 3√3/2 ነው። ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የእስክንድርያው ሄሮን በ«ሜትሪካ» መጽሐፉ በዚህ ቦታ የተጠቀመው 13/5ን ማለትም 2.6ን ነበር። ከትክክለኛው ቁጥር ጋር ያለው ልዩነት ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ጎኑ 10 ሜትር ለሆነ መሬት የሄሮን ቁጥር 260 ካሬ ሜትር ሲሰጥ ትክክለኛው 259.8 ነው። በቃል ለሚያሰላ ሰው 2.6 ዛሬም በቂ ነው።

ወደ ዌብ መስታወት እንመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነው። 1.32 ሜትር የሚለውን እንደ ጎን ወስዶ ደንቡ ውስጥ ያስገባ ሰው ለአንዱ ቁርጥራጭ 4.53 ካሬ ሜትር፣ ለ18ቱ ደግሞ 81 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ያገኛል። ስሌቱ የተሳሳተ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ዳር እስከ ዳሩ 6.5 ሜትር የሆነ ሙሉ ክብ እንኳ ስፋቱ 33 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያ ክብ ውስጥ የተቀመጠ መስታወት 81 ሊሆን አይችልም።

የስህተቱ ምንጭ 1.32 ሜትር ጎን አለመሆኑ ነው። ከአንዱ ጎን መካከል እስከ ተቃራኒው ጎን መካከል ያለው ርቀት ነው። በጋራዥ የሚሠራ ሰው ይህን አለካክ ያውቀዋል፦ የ17 ቁልፍ ሲባል የቡሎኑ ራስ ከጎን እስከ ተቃራኒ ጎን 17 ሚሊ ሜትር ነው ማለት እንጂ አንዱ ጎኑ 17 ነው ማለት አይደለም።

ስድስቱ ጎነ ሦስቶች ለዚህም መልስ አላቸው። ከጎን እስከ ተቃራኒ ጎን የሚሄደው መስመር በመካከል ሲያልፍ የሁለት ጎነ ሦስቶችን ከፍታ ያዳርሳል፤ አንዱ ከላይ ነው፣ ሌላው ከታች። ስለዚህ የአንዱ ጎነ ሦስት ከፍታ የ1.32 ግማሽ፣ 0.66 ሜትር ነው። ከፍታ የጎኑ 0.866 እጅ መሆኑን ቀደም ብለን አግኝተናል። 0.66 ለ0.866 ሲካፈል 0.762 ሜትር ይሆናል፤ እውነተኛው ጎን ይህ ነው። የአንዱ ጎነ ሦስት ስፋት የ0.762 እና የ0.66 ብዜት ግማሽ፣ 0.2515 ካሬ ሜትር ነው። የስድስቱ 1.509 ካሬ ሜትር፣ የ18ቱ ቁርጥራጮች ደግሞ 27.2 ካሬ ሜትር ያህል ይመጣል። ይህ ከ33 በታች ስለሆነ በክቡ ውስጥ ይገባል።

ስህተቱ ልክ ሦስት እጥፍ መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። ከጎን እስከ ተቃራኒ ጎን ያለው ርቀት ከጎኑ በ1.732 እጥፍ ይበልጣል፤ ይህም የ3 ስኩዌር ሩት ነው። ደንቡ ርዝመቱን በራሱ ስለሚያበዛው ስህተቱም በራሱ ይበዛና 3 ይሆናል። ለወለል ባለ ስድስት ጎን ንጣፍ የሚገዛ ሰውም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የትኛው ርዝመት መሆኑን ካላረጋገጠ፣ ከሚያስፈልገው ንጣፍ ሲሶውን ብቻ ገዝቶ ሊመለስ ይችላል።

የተገኘው 27.2 ከመስታወቱ እውነተኛ አኃዝ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ይበልጣል። የተወለወለው ገጽ ስፋት 26.3 ካሬ ሜትር እንደሆነ ተመዝግቧል። 1.32 የሚለው ቁጥር ራሱ ተጠጋግቶ የተጻፈ ነው፤ ደንቡም የቅርጹን የመጨረሻ ጠርዝ ድረስ ይቆጥራል። በእያንዳንዱ ቁርጥራጭ ዙሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጠርዝ ቢቀነስ ልዩነቱ ይሸፈናል። ከ26.3ቱ ውስጥ 0.9 ካሬ ሜትሩን ሁለተኛውን መስታወት ደግፈው የያዙት ዘንጎች ይጋርዱታል። በመጨረሻ ብርሃን የሚሰበስበው 25.4 ካሬ ሜትር ነው። ጎነ ሦስቶቹ የሰጡት ቁጥር የቅርጹን ስፋት በትክክል ይነግራል፤ የተጋረደውንና ያልተወለወለውን መቀነስ ሌላ ሥራ ነው።

ደንቡ የሚጠይቀው ሌላም ነገር አለ። ስድስቱ ጎኖች እኩል መሆናቸው ብቻውን አይበቃም። ከስድስት እኩል እንጨቶች በማጠፊያ የተያያዘ ጎነ ስድስት ከላይና ከታች ቢጫኑት ይጨፈለቃል፤ የጎኖቹ ርዝመት ሳይለወጥ ስፋቱ እስከ ዜሮ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ትክክለኛነቱ የሚፈተነው ከመካከል ነው። ከአንዲት የመካከል ነጥብ እስከ ስድስቱም ጫፎች ያለው ርቀት ከጎኑ ጋር እኩል ከሆነ ስድስቱ ጎነ ሦስቶች በእርግጥ ጎናቸው እኩል ነው፣ 2.598ም ይሠራል። አንዱ ርቀት እንኳ ከተለየ ጎነ ሦስቶቹን አንድ በአንድ ለክቶ መደመር ያስፈልጋል።

በሃዋይ ማውና ኪያ ተራራ ላይ ያሉት ሁለቱ የኬክ ቴሌስኮፖች ከዌብ በፊት ይህንኑ አሠራር ተጠቅመዋል። ጄሪ ኔልሰን የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ትልቅ መስታወትን ከብዙ ጎነ ስድስቶች ገጣጥሞ መሥራት እንደሚቻል ያሳየው በእነርሱ ነው። የእያንዳንዱ ቴሌስኮፕ መስታወት 36 ቁርጥራጮች አሉት፤ የአንዱ ስፋትም 1.8 ሜትር ተብሎ ይጻፋል። ይህ 1.8 እንደ ዌብ ከጎን እስከ ተቃራኒ ጎን ይሆን?

ነው ብሎ ያሰላ ሰው ለ36ቱ 101 ካሬ ሜትር ያገኛል። መስታወቱ ግን በሰፊው በኩል ከዳር እስከ ዳር 11 ሜትር ያህል ነው፤ የዚያ ሙሉ ክብ ስፋትም 95 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 101 አይሆንም። የኬክ 1.8 ሜትር የተለካው ከጫፍ እስከ ተቃራኒ ጫፍ ነው። ይህ መስመር በመካከል ሲያልፍ የሁለት ጎነ ሦስቶችን ጎን ስለሚያዳርስ ጎኑ ግማሹ፣ 0.9 ሜትር ነው። የ0.9 ካሬ 0.81 ነው፤ በ2.598 ሲባዛ 2.104 ካሬ ሜትር፣ በ36 ሲባዛ ደግሞ 75.8 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለኬክ መስታወት የሚሰጠው አኃዝ 76 ካሬ ሜትር ነው።