ፀሐይዋን ጨረቃ ማድረግ

ፒያሳ ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ ቤት እናስብ፤ የእንጨት በረንዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከፊቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ፎቶው የተነሣው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ በስተግራ ከቤቱ ኋላ ሆና የጣሪያውን ጠርዝ ታበራለች፤ የቤቱ ጥላ ደግሞ ወደ ፎቶ አንሺው ይወርዳል። ይህን ፎቶ ሌሊት ማስመሰል ይቻላል።

የሚቻልበት ምክንያት ሰማይ ላይ ነው። ከምድር ሲታዩ ፀሐይና ጨረቃ ስፋታቸው እኩል ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የሚጥሉት ጥላ ጠርዙ እኩል ስል ነው። የጨረቃ ብርሃንም ተንጸባርቆ የመጣ የፀሐይ ብርሃን ነው። የቀኑ ጥላ እንዳለ ቢቀር የጨረቃ ጥላ ሆኖ ይታመናል። ፀሐይ ከአናት በላይ ሳለች ወይም ከፎቶ አንሺው ጀርባ ሆና የተነሣ ፎቶ ግን ብዙ ያስቸግራል።

መጀመሪያ ፎቶሾፕ ላይ በ Curves ሥዕሉ ይጨልማል። ቀጥሎ ቀለሙ ይቀነሳል፤ ቀዩ ከሁሉም በላይ። ዓይን በጨለማ ቀይን መለየት ስለሚሳነው ነው። ትንሽ ሰማያዊ ይበቃል። ብዙዎች እዚህ ላይ ሥዕሉን ሰማያዊ ቀለም ውስጥ የነከሩት ያስመስሉታል።

ጨለማው ቦታ ሲጨልም እንዳይበላሽ፣ ፎቶው ሲነሣ ብርሃን ቢበዛለት ይሻላል። በ2015 የወጣው «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ» የሌሊት ትዕይንቶቹ ናሚቢያ በረሃ ላይ በቀን የተቀረጹት ሆን ተብሎ ብርሃን በዝቶባቸው ነው፤ የጨለሙት ኋላ ነው።

ሰማዩ ለብቻው ይሠራል። ቀን ከቤቱ በላይ ደማቅ ነበር፤ አሁን ጨረቃ ካረፈበት ቆርቆሮ መጨለም አለበት፤ ያለዚያ ምሽት እንጂ ሌሊት አይመስልም። ሥራውን የሚያጋልጡት ሽቦዎቹና የዛፉ ቅጠሎች ናቸው፤ በዙሪያቸው የቀኑ ሰማይ ቀጭን ነጭ ክር ሆኖ ይቀራል። አጉልቶ እያዩ ማጥፋት ያስፈልጋል።

መስኮቱ ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። በቀን መስታወቱ ውስጥ የተንጸባረቀው ሰማይ አስቀድሞ ይጠፋል፤ መብራት በበራበት መስኮት ላይ ደመና ካለ ማንም አያምንም። ከዚያ የሚጨመረው ብጫ እንደ ወረቀት ወጥ መሆን የለበትም፤ አምፖሉ ባለበት በኩል ወደ ነጭ የቀረበ፣ ወደ ጥግ ብርቱካናማ፣ መጋረጃው ላይ የደበዘዘ ነው። የመስኮቱ ፍሬም ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ሁሉም መስኮት አይበራም፤ ሁለቱ ይበቃሉ።

ብርሃኑም ክፍሉ ውስጥ ታስሮ አይቀርም። ደፉ ላይ ይፈሳል፣ የበረንዳውን እንጨት ከውስጥ በኩል ያሞቃል፣ መሬቱ ላይ የተንጋደደ አራት ማዕዘን ይጥላል። በዚያ ቦታ የጨረቃዋ ጥላ ይሳሳል።

ጨረቃዋስ? ፀሐይዋ ከፍሬሙ ውጭ ስለነበረች እርሷም ውጭ ትሁን። የግድ ካስፈለገች በጥላው ተቃራኒ፣ ትንሽ ሆና ትቀመጥ፦ በ50 ሚሊሜትር ሌንስና በሙሉ ፍሬም ካሜራ ስፋቷ ከፎቶው ስፋት 80 እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው።